ሻንጣው ቦሌ ተሰብሮ፣ አቤቱታው በእንግሊዝኛ

ከውጭ አገር አየር መንገድ ጋር ሻንጣ የተጣላ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ወይም የጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይፈልጋል። የሚከተለው አቤቱታ ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ ነው፤ አጻጻፉ ግን ለማናችንም እንግዳ አይሆንም።

«ለክቡራን የድርጅቱ ኃላፊዎች፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬ ተሰባብሮ፣ ዕቃዬም ተበላሽቶ ስላገኘሁት እጅግ አዝኛለሁ። ስለሆነም ተገቢው ሁሉ እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

በአማርኛነቱ ጨዋና የተሟላ ደብዳቤ ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ግን የድርጅቱ ሠራተኛ ምን እንደተሰበረና ምን እንደተፈለገ ሳያውቅ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ቀኑ ነው።

ቀኑን የተቀበለው ተርጓሚ መስከረም 12 ቀን 2017ን በካሌንደር አይቶ 22 ሴፕቴምበር 2024 ይላል፤ ልክ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለውንም ከሌሊቱ 2፡00 ኤኤም ያደርገዋል፤ እሱም ልክ ነው። ሁለቱን ሲያጋጥማቸው ግን ይሳሳታል። ባለጉዳይዋ መስከረም 12 ያለችው የዚያን ዕለት ማታ ተከትሎ የመጣውን ሌሊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር «ለ13 አጥቢያ» የሚባለውን። ፈረንጆቹ ቀን የሚለውጡት እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ በእነርሱ መዝገብ በረራው ያረፈው 23 ሴፕቴምበር 2024 ነው።

የአንድ ቀን ልዩነት ለምን ያስጨንቃል? ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ጉዳት የደረሰበት ሻንጣ ባለቤት ሻንጣውን ከተረከበበት ቀን አንሥቶ ቢዘገይ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያመለክት ያስገድዳል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ባለጉዳይዋ መስከረም 20፣ ማለትም 30 ሴፕቴምበር ላይ ብትልከው በጊዜው ደርሳለች። ደብዳቤው 22 ካለ ግን በራሷ ብዕር ጊዜው አልፎባታል። ስለዚህ ሰዓቱ ከሌሊት ከሆነ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ከትኬቱ ጋር ማመሳከር ነው። ሲጻፍ ደግሞ የወሩ ስም በፊደል ይቀመጥ። በቁጥር ብቻ ከተጻፈ አሜሪካኖች ወሩን፣ አውሮፓውያን ቀኑን ያስቀድማሉና ቀኑ ከነወሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው «ተሰባብሮ» ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚው ከራሱ መጨመር አይችልም፤ ባለቤቷን መልሶ መጠየቅ አለበት። ስትጠየቅ ሁለት ጎማ መነቀሉን፣ ጎኑ መሰንጠቁን፣ ውስጥ የነበረ ሽቶ ፈስሶ ሁለት ቀሚስ ማበላሸቱን ትናገራለች እንበል። «ተገቢው ሁሉ» የሚለውም እንደዚሁ ይብራራ፦ የምትፈልገው የጥገና ወጪ ነው ወይስ የሻንጣው ዋጋ? ስንት ነው? በየትኛው ገንዘብ? ደረሰኝ አለ? እኛ መጠየቁን ለሰጪው መልካም ፈቃድ መተው ጨዋነት ይመስለናል። የድርጅቱ ሠራተኛ ግን ያልተጠየቀውን አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜም ለመስጠት ሥልጣን የለውም።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ የምትባል ሴት በፓስፖርቷ Tsehay፣ ተርጓሚው እንደለመደው ደግሞ Tsehai ቢሆን መዝገቡ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ከትኬቱ ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ ይበጃል። ቦሌ ሳትወጣ የሻንጣ ጉዳይ መስኮት ላይ ፎርም ሞልታ ከሆነ፣ የተሰጣት ቁጥር የሚጀምረው በኤርፖርቱ ሦስት ፊደልና በአየር መንገዱ ሁለት ፊደል ነው፤ ከዚያ አምስት አኃዝ ይከተላል። የኢሜይሉ ርእስ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

```
Damaged baggage - ADDXX12345 - 23 September 2024
```

ከርእሱ በኋላ የደብዳቤው ቅደም ተከተል ከአማርኛው የተገለበጠ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የደረሰውንና የሚጠየቀውን አንድ ላይ ይናገራል። ታሪኩ ከሱ በኋላ በአጭሩ ይመጣል፤ ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ የሻንጣው ታግና ትኬቱ መያያዛቸው በመጨረሻ ይገለጻል። ረጅሙ ሰላምታ በአንድ መስመር ያልቃል። «እጅግ አዝኛለሁ» ይቅር አልልም፤ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ስድብና «በሕግ እፋረዳችኋለሁ» ግን መጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ባይገቡ እመርጣለሁ፤ ዛቻ ጉዳዩን ወደ ሕግ ክፍል ቢያሻግረው መዘግየት እንጂ ጥቅም አላይበትም።

ተርጓሚው ሲጨርስ እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ ለባለጉዳይዋ ይንገራት። «እንዲህ አላልኩም» የምትለው ነገር ካለ የሚታረመው ያኔ ነው። ለማሳመር ሲባል ግን ሰባቱ ቀን እንዳያልፍ። የጠፋ ደረሰኝ ካለ አቤቱታው አሁን ይላክ፣ ደረሰኙ በዚያው ቁጥር ይከተላል። የላካችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይልም አታጥፉት።