የሙከራ ጊዜ ምዘና፦ ከመነሻው የሚቆጠር ግብ

በቦሌ፣ በየካ እንዲሁም ከእነዚሁ ሁለት ክፍላተ ከተማ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ የሚገኙ ብዙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሱቅ ያከራያሉ፣ ሕንፃ ያስተዳድራሉ፣ መዋዕለ ሕፃናት ይከፍታሉ። ለዚህም ሥራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ጥበቃና ጽዳት በደመወዝ ይቀጥራሉ። በቅጥር ደብዳቤው ላይ «በሙከራ ጊዜ» የሚል ሐረግ አይጠፋም። የሙከራው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ግን ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ «ልጁ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ «ትሑት ነው» ይላል፣ ሌላው «ትንሽ ያረፍዳል» ይላል፣ ጉዳዩም በዚሁ ያልፋል። ከናካቴው ቀኑን የሚያስታውስ ሰው የማይገኝበት ጊዜም አለ።

ቀኑን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆንና ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቀድሞ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ጊዜው 45 ተከታታይ ቀን ስለነበር፣ የቆዩ የቅጥር ቅጾች እስከ ዛሬ ይህንኑ ቁጥር ይዘው ይገኛሉ። ሠራተኛው በሙከራ ጊዜው ለሥራው ተስማሚ አለመሆኑ ከታወቀ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የስንብት ክፍያና ካሣ ሳይከፍል ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ጊዜው አልፎ ሠራተኛው ሥራውን ከቀጠለ ግን ውሉ ሙከራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እንደ ጸና ይቆጠራል። «አንድ ወር እንጨምርለት» የሚለው የኮሚቴ ውሳኔ፣ ከ60 የሥራ ቀን ካለፈ፣ በሕግ ፊት የሙከራ ማራዘሚያ አይሆንም። እዚህ ላይ የምንናገረው በደመወዝ ስለሚቀጠሩ የአስተዳደርና የሙያ ሠራተኞች መሆኑ ይታወቅልን፤ የክህነት አገልግሎት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና በቃለ ዓዋዲ ደንብ የሚመራ የራሱ ጉዳይ ነው። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቱትን የሥራ ግንኙነት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ከሽፋኑ ሊያወጣ እንደሚችል ስለሚናገር፣ አጥቢያው ውል ከመፈራረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያማክር መልካም ነው።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አጥቢያውም ሠራተኛውም ለማስረጃ የተሣሉ ናቸው፤ ቁጥሮቹም እንዲሁ። በቦሌ መንገድ ዳር 24 ሱቆች ያሉት አንድ አጥቢያ ኪራይ የሚሰበስብና ሒሳብ የሚይዝ ሠራተኛ ቀጠረ እንበል። («ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለው ቃል በፖለቲካው መድረክ የያዘውን ትርጉም ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው።) ሥራ የጀመረው ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሥራ ሳምንቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። በዓል ባይኖር 60ኛው የሥራ ቀን ቅዳሜ ጥር 9 ላይ ይውላል። የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ስለሚውል አንድ ቀን ይገፋል፤ ጥር 10 እሑድ፣ ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት ስለሆነ መጨረሻው ማክሰኞ ጥር 12 ይሆናል። ሆኖም በአጥቢያው ንግሥና በሌሎች በዓላት ቢሮው ተዘግቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በኋላ ክርክር ሊነሣ ስለሚችል፣ ኮሚቴው በዓሉን ከቁጥር ሳያወጣ የውሳኔ ደብዳቤው ከጥር 9 እንዳያልፍ ወሰነ። ይህንንም ቀን በቅጥር ደብዳቤው ላይ ጻፈው።

ቀጥሎ ግቡ ተጻፈ። «ኪራይ በአግባቡ መሰብሰብ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሥራ ዝርዝር እንጂ ግብ አይደለም፤ ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ብሎ መፍረድ አይቻልምና። ኮሚቴው ስለዚህ የመስከረምንና የጥቅምትን የገቢ ደረሰኞች ከመዝገብ አውጥቶ ቆጠረ። ከ24ቱ ሱቆች ሁለቱ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ስለሆኑ ሠራተኛው ሊያስከፍላቸው አይችልም፤ ከቁጥር ወጡ። ከቀሩት 22 ሱቆች ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን የከፈሉት በአማካይ 14 ነበሩ። ይህ መነሻው ነው። ግቡም «ከ22 ሱቆች 20ው እስከ ጥር 5 ቀን እንዲከፍሉ ማድረግ» ተባለ። ቀኑ የተመረጠው ልኬቱ ከውሳኔው ቀን በፊት እንዲገኝ ታስቦ ነው። «በወሩ መጨረሻ ይለካ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ የጥር ወር ውጤት የሚታወቀው የሙከራው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ግብ የተሰበሰበ ገንዘብ በማግሥቱ የሥራ ቀን ባንክ እንዲገባ ነው። ይህም የገቢ ደረሰኙን ቀን ከባንክ ስሊፑ ቀን ጋር በማመሳከር ይለካል፤ መነሻው ገንዘብ ከተሰበሰበባቸው ቀናት 60 በመቶው፣ ግቡ 90 በመቶው ነበር። ሦስተኛው ግብ የወሩ ሪፖርት ከባንክ ሒሳብ ማስታረቂያው ጋር፣ ያልተብራራ ልዩነት ሳይኖርበት፣ በሚቀጥለው ወር 5ኛ ቀን ለሰበካ ጉባኤው እንዲቀርብ ነው። የኅዳር ሪፖርት ለመማሪያ እንዲሆን፣ ነጥብ የሚያዘው በታኅሣሥ ሪፖርት ብቻ እንዲሆን ከመጀመሪያው ተጻፈ። ለሦስቱ በቅደም ተከተል 45፣ 30 እና 25 ነጥብ ተሰጣቸው፤ ለማለፍ 70 እንደሚያስፈልግም ተወሰነ። ሠራተኛው ወረቀቱን በመጀመሪያው ሳምንት አንብቦ ፈረመበት።

የአጥቢያ ኮሚቴዎች በብዛት የሚሳሳቱት ነጥቡን በሚያሰሉበት ጊዜ ነው። ጥር 5 ቀን ሲቆጠር 18 ሱቆች ከፍለው ተገኙ። የተለመደው ስሌት 18ን ለ20 አካፍሎ 90 በመቶ ይላል። ነገር ግን ይህን ሠራተኛ ባንቀጥረውና ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ቢቀጥል 14 ሱቆች ይከፍሉ ነበር፤ በዚያው ስሌት 14 ለ20 ሲካፈል 70 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ስሌቱ ምንም ለውጥ ላላመጣ ሰው የማለፊያውን ያህል ነጥብ በነጻ ሰጠ ማለት ነው። እድገት የሚለካው ከመነሻው አንሥቶ ነው፦ ከ14 እስከ 20 ያለው መንገድ ስድስት ሱቅ ነው፤ ሠራተኛው የተጓዘው ከ14 እስከ 18፣ አራት ሱቅ ነው። አራት ለስድስት ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ከ45 ነጥብ 30 ያገኛል። በዚህ ስሌት ምንም ያልለወጠ ሰው ዜሮ ያገኛል፤ ከመነሻው የባሰበት ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። መነሻው ሳይቆጠር ሥራ ከተጀመረ ግን ይህ ስሌት ከቶ አይቻልም፤ ስለዚህ ከቅጥሩ በፊት ግማሽ ቀን ደረሰኝ ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ከተሰበሰበባቸው 30 ቀናት በ27ቱ ገቢው በማግሥቱ ባንክ ገብቷል፤ 90 በመቶ ነውና ሙሉ 30 ነጥብ። የኅዳር ሪፖርት አራት ቀን ዘግይቶ፣ 3,450 ብር ያልተብራራ ልዩነት ይዞ ቀርቦ ነበር፤ የታኅሣሡ በቀኑና ያለ ልዩነት ቀረበ። አንድ የኮሚቴ አባል የኅዳሩን ስሕተት አንሥተው ነጥብ እንዲቀነስ ቢጠይቁም፣ የተፈረመው ወረቀት ስለሚከለክል 25ቱ ተሰጠ። ድምሩ 85 ሆነ።

የ18ቱ ሱቆች ቁጥር እንዴት እንደ ተገኘ ደግሞ መታየት አለበት። ኮሚቴው ኅዳር 20 እና ታኅሣሥ 6 ቀን ከሠራተኛው ጋር ተቀምጦ ነበር። በታኅሣሡ ስብሰባ የከፈሉት 15 ብቻ እንደ ሆኑ ታየ። «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዳንድ ተከራዮች በስልካቸው በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳቡ እንደሚያስገቡ፣ ማረጋገጫውንም ለሠራተኛው እንደማያሳዩ ታወቀ። የባንክ መግለጫውን ማውጣት የሚችሉት ገንዘብ ያዡ ብቻ ነበሩና በየሳምንቱ ሰኞ አውጥተው እንዲሰጡት ተወሰነ። የግቡ ቁጥር አልተነካም፤ የተስተካከለው ከአጥቢያው በኩል የጎደለው ነገር ነው። ይህ ውይይት ባይደረግ ኖሮ ጥር ላይ ሠራተኛው በኮሚቴው ጉድለት ይወድቅ ነበር።

ግቡን ራሱን መለወጥ የሚገባው ከሠራተኛው አቅም ውጭ የሆነ ነገር ሲደርስ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማት ሲሠራ የነበረበትን ጊዜ እናስብ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንበኛ ያጣ ባለ ሱቅ ኪራይ ቢያዘገይ ጥፋቱ የሰብሳቢው አይደለም። ያን ጊዜ የሚነኩትን ሱቆች በስማቸው ለይቶ ከመነሻውም ከግቡም ማውጣት፣ ለውጡንም በዚያው ቀን ጽፎ ሁለቱ ወገኖች መፈረም ይገባል። በምዘናው ዕለት «መንገዱም ተቆፍሮ ነበር እኮ» ብሎ ነጥብ መጨመር ግን ይሉኝታ ነው።

ቁጥሩ የማይነግረንም ነገር አለ። በዚህ ምሳሌ አንድ ሱቅ ብቻውን 7.5 ነጥብ ይለውጣል፤ ስለዚህ 68 ያገኘው ወደቀ፣ 72 ያገኘው አለፈ ከማለት በፊት ኮሚቴው ያቺን አንዲት ሱቅ ለይቶ ቢመረምር ይሻላል። ሱቅ የሚቆጥር ግብ ደግሞ ለማስከፈል ቀላል ወደ ሆኑት ትናንሽ ሱቆች ሊያዘነብል፣ ትልቁን ተከራይ ሊያስረሳ ይችላል፤ ይህ መድረሱ የሚታወቀው የከፈሉት ሱቆች በዝተው ጠቅላላው ብር ሳይጨምር ሲቀር ነው። ለተከራዮች የሚያሳየውን ጠባይም በቅሬታ ብዛት ነጥብ መስጠት አይመከርም፤ ቅሬታ አቅራቢን ዝም ማሰኘት ጠባይን ከማሻሻል ይቀላልና። ጠባይ ከነቀኑና ከነሁኔታው በጽሑፍ ተይዞ ከነጥቡ ጎን ይቀመጥ።

ምዘናው የተደረገው ሐሙስ ጥር 7 ነው። አባላቱ መነጋገር ሳይጀምሩ ደረሰኙንና ስሊፑን እያዩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነጥብ ጻፉ። አለቃው ወይም ሊቀ መንበሩ ቀድሞ «እኔ እንኳ ደስ ብሎኛል» ካለ በኋላ የተለየ ነጥብ የሚጽፍ አባል ብዙ አይገኝም፤ የሠራተኛው ዘመድ የሆነ አባል ካለም በዚህ ቀን ከስብሰባው ይወጣል። ነጥቦቹ ከተነበቡ በኋላ ልዩነት የታየባቸው ሁለት አባላት ብቻ ምክንያታቸውን ተጠየቁ፤ አንዱ በክርክር ላይ ያሉትን ሁለት ሱቆች አብረው ቆጥረው ስለነበር አስተካከሉ። ቅዳሜ ጥር 9 ቀን የቋሚነት ደብዳቤው ወጪ ሆነ፤ የነጥቡ ወረቀት አንድ ቅጂ ለሠራተኛው፣ አንድ ቅጂ ለግል ማኅደሩ ተሰጠ።