ሻዩ ውስጥ የሟሟው ክኒን

በሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ላይ ከሚነሱ ጉዳዮች መካከል «ሊመርዙኝ ነው» የሚል ታማሚ ጉዳይ ለእኔ ከሁሉም ይልቃል። ምግቡንም መድኃኒቱንም የምታቀርበው ነርስ ራሷ ተጠርጣሪ ናት። ታማሚውን ለማረጋጋት የምትናገረው ቃል ሁሉ ጥርጣሬውን ሊያባብስ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በየተኝቶ መታከሚያ ክፍሉ ተደጋግመው ከሚታዩ ሁኔታዎች የተቀናበረ ነው። ስም ያልሰጠሁትም ለዚሁ ነው።

ወጣቱ 23 ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው ከእናቱና ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ከጓደኞቹ ሸሽቷል፣ ብቻውን ያወራል፣ ጎረቤቶች ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ስለ እሱ ሲዶልቱ ይሰማል። ቤተሰቡ ጸበል አስጠመቀው። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ክኒን አዘዘለት፤ አንድ ሁለት ቀን ውጦ «አልፈልግም» አለ። ባለፉት አራት ቀናት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብም አይቀምስም። ወንድሙ «ሥራ የሚያስገባህ ሰው ጋ እንሂድ» ብሎ ነው ሆስፒታል ያመጣው። ግቢው ውስጥ ሲገቡ መታለሉን አወቀ።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ አጣዳፊ ሳይኮሲስ ይሉታል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ የቱንም ያህል ማስረጃ ቢቀርብ የማይነቃነቅ የተሳሳተ እምነት መያዝ፣ ሐሳብና ንግግር መዘበራረቅ ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። መነሻው ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ጫትና ሌሎች አነቃቂ ነገሮችም ያስነሱታል። የአንጎል ወባ፣ ማጅራት ገትር ወይም የደም ስኳር መውረድም ሰውን እንዲህ ሊያዘባርቁት ስለሚችሉ ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና የደም ስኳሩ ሳይለካ «የአእምሮ ሕመም ነው» ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ለመለካት ግን መንካት ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ደግሞ ማንም እንዲነካው አይፈልግም። የነርሷ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ክፍሉ የገባችው ብቻዋን አይደለም፤ ባልደረባዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከታማሚው ሁለት ክንድ ያህል ርቃ፣ ፊት ለፊት ሳትጋረጥበት ትንሽ ወደ ጎን ሆና ቆመች። ለእሷም ለእሱም የመውጫው መንገድ ክፍት ነው፤ ታጥሬአለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ገፍቶ ለመውጣት ይሞክራልና። ስሟን ነገረችው፤ ነርስ መሆኗን ነገረችው፤ በምን ስም ሊጠራ እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «እዚህ የመጣኸው ተታለህ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ያናድዳል። እኔ አልዋሽህም። አሁን የምፈልገው ሙቀትህን መለካት ነው፤ ከደቂቃ በላይ አይወስድም። እሺ ካልክ ብቻ እቀርባለሁ።»

ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጊዜ የታማሚው አእምሮ የውጭውን ንግግርና የውስጡን ድምፅ እኩል ያዳምጣል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሌላው ቢደረብበት ሁሉም ይጠፋበታል። ስለዚህ ጠይቃ ዝም ትላለች፤ መልሱ ሲዘገይ ጥያቄውን በሌላ ቃል አትለውጠውም። ትጠብቃለች። ለጀማሪ ነርስ ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ዝምታው ሲረዝም አንድ ነገር ብሎ መሙላት ያምራል።

ወጣቱ ሙቀቱን አስለካ፤ ትኩሳት የለውም። ወዲያው ግን «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ። ምግቤ ውስጥ የሚጨምሩትን ነገር ታውቂያለሽ» አላት።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እንመርጣለን። «ኧረ በፍጹም! እናትህ እንዴት እንዲህ ታደርጋለች?» ብለን እንሟገታለን፤ ወይም ነገሩ እንዲበርድ «እሺ፣ እውነትህን ነው፣ ፖሊስ እንጠራባቸዋለን» እንላለን። የመጀመሪያው ታማሚውን ወደ ክርክር ይጋብዘዋል። በተከራከረ ቁጥር ለእምነቱ አዳዲስ ማስረጃ ይፈልጋል፤ እኛም ከጠላቶቹ ጎራ እንሰለፋለን። ሁለተኛው እምነቱን ያጸናለታል፤ ነገ ፖሊሱ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ዋሾ መሆናችን ይረጋገጣል። ነርሷ ያለችው ይህን ነው፦ «ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ስለ ምግቡ የማውቀው ነገር የለም። የምትበላው ሁሉ አስፈርቶህ አራት ቀን እንዲህ መዋል ግን በጣም ከባድ ነው።» ያላየችውን አልመሰከረችም፤ ያላጣራችውንም «ሐሰት ነው» አላለችም። ያነሳችው ፍርሃቱን ነው። ምንም ባይመረዝም ፍርሃቱ እውነተኛ ነውና።

ስለ ድምፆቹም በግልጽ ጠየቀችው። «አሁን እየሰማሃቸው ነው? ምን ይሉሃል? የሚያዙህ ነገር አለ?» የመጨረሻው ጥያቄ መዘለል የለበትም። ድምፆቹ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ የሚያዙት ከሆነ፣ እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ ማወቅ ክትትሉን ሁሉ ይለውጣል። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። እሱም «‹አትብላ፣ ውጣ› ይሉኛል፤ ጉዳት አድርስ አላሉኝም» አለ። «እኔ አልሰማቸውም» አለችው፤ «ለአንተ ግን እንደሚሰሙህ ይገባኛል።» ከዚህ በላይ አልገፋችም። ድምፆቹ ስለሚያወሩት ነገር ዝርዝር እየጠየቁ አብሮ መቆየት ታማሚውን እዚያው ያሰምጠዋል።

ምግቡስ? አራት ቀን በቅጡ ያልበላ ሰው ንግግር ብቻ አያቆመውም። ከነልጣጩ ሙዝ፣ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ አቀረበችለት። የትኛውን እንደሚመርጥ እሱ ይወስን፤ ራሱ ይላጥ፣ ራሱ ይክፈት። አንዳንድ ነርሶች ምግቡን ቀምሰው ያሳያሉ። እኔ ይህን አልወደውም፤ ቀማሽ ያስፈልጋል ብሎ ማመን በራሱ ለመርዙ መመስከር ነው። ወጣቱ እንቁላሉን ለረጅም ጊዜ ካገላበጠ በኋላ በላው።

እናትየው ነርሷን ኮሪደር ላይ የያዟት ከዚህ በኋላ ነው። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ክኒኑን አልውጥም ሲለኝ ጨነቀኝና ሻዩ ውስጥ እያሟሟሁ እሰጠው ነበር። እሱ አያውቅም።»

ያውቃል። ወይም ቢያንስ ጠርጥሯል፦ ሻዩ መረረው፣ ሰውነቱ ከበደው፣ አፉ ደረቀበት። ስለ ጎረቤቶቹ ያለው እምነት የሕመሙ ነው፤ «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ያለው ግን እውነት ነበር። ነርሷ «እንዲያው ነው የሚመስልህ» ብላ ተሟግታ ቢሆን ኖሮ ውሸታሟ እሷ ነበረች። የታማሚን አባባል በራሱ ቃል መዝገብ ላይ ማስፈር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ይቀባጥራል» ብሎ የጻፈ ሰው ከዚህ የሚተርፈው መረጃ የለም።

እናትየውን አልተቆጣቻቸውም። በየቤቱ እንዲህ የሚያደርጉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የሚያደርጉትም ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ሲጠፋ ሌላ መላ አጥተው ነው። የትኛውን ክኒን፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሰጡ ግን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሐኪሙ በላዩ ላይ ሌላ ከማዘዙ በፊት ቀድሞ የገባውን ማወቅ አለበት። ከዚያ «እማማ፣ ይህን ሊሰማ የሚገባው ከእርስዎ ነው፤ እኔም አብሬዎት እሆናለሁ» አለቻቸው። በዚያው ሰዓት አይደለም፤ ጥቂት ከተኛና ከተረጋጋ በኋላ፣ ከሐኪሙም ጋር ተመክሮበት።

በማግሥቱ ነገሩት። ጮኸ፣ ወንበር ገፋ። ነርሷ ወደ ኋላ አለች፤ ቃላት አላበዛችም። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ መመላለስ፣ ጡጫ መጨበጥ፣ ዓይን ሳይነቅሉ ማፍጠጥና የድምፅ እየጨመረ መሄድ ከታየ ንግግሩ ይቆማል፤ ሰው ይጠራል፣ ርቀት ይጨመራል። የተግባቦት ጥበብ የሰውን ደኅንነት አይተካም። በዚህኛው ጉዳይ ቁጣው እዚያ ሳይደርስ በረደ። እናቱን ሁለት ቀን አላናገረም። ነርሷን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ራሱ ጠየቃት፦ «አንቺስ ሻይ ውስጥ ትጨምሪያለሽ?» «አልጨምርም። የምሰጥህን ሁሉ ዓይንህ እያየ ከማሸጊያው አወጣለሁ፤ ስሙንና ሥራውን እነግርሃለሁ። እምቢ ካልክም እምቢታህን ለሐኪሙ አሳውቃለሁ፤ ደብቄ ግን አልሰጥህም።» ከራት በፊት ይሻልሃል ወይስ በኋላ ብላ ምርጫ ሰጠችው። በዚያ ምሽት ዋጠ።

አንድ ሌላ ነገርም አስቀድማ ነግራው ነበር። ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይም በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ሊያጣምሙ፣ መንጋጋ ሊያደርቁ፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊጎትቱ ይችላሉ። ቶሎ ከተነገረ በመድኃኒት የሚፈታ ነው፤ ሳይነገረው ለደረሰበት ታማሚ ግን ከዚህ የበለጠ የመመረዝ ማስረጃ አይገኝም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንገቱ ተጣመመ። ምራቁን መዋጥ ሳያቅተው፣ ሳይደናገጥም ወደ ነርሶቹ ክፍል መጥቶ «ያልሽው መጣ» አላት። መርፌ ተወጋ፤ ብዙም ሳይቆይ ተፈታለት። ሐኪሙም የመድኃኒቱን መጠን አስተካከለ።

በአሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በታተመው፣ ዋናው ሐሳብ በነርስና በታማሚ መካከል የሚፈጠረው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል ነው የሚል ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግንኙነቱ የሠራውን ከልክ በላይ ማግነን ግን አልፈልግም። ድምፆቹን ያዳከመው መድኃኒቱ ነው፤ እሱም መረበሹን በቀናት ውስጥ ቢያበርድም እምነቱን ለማላላት ሳምንታት ፈጅቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላም ወጣቱ ስለ ጎረቤቶቹ ሲጠየቅ «እርግጠኛ አይደለሁም» ነበር የሚለው። የነርሷ ንግግር የሠራው መድኃኒቱ ወደ አፉ እንዲደርስ፣ ጉዳቱም ቶሎ እንዲነገር ነው።

ወደ ቤት ሲሸኝ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ክኒኑ ማታ በግልጽ ይሰጣል፣ ማሸጊያውን የሚከፍተው እሱ ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያመጡታል፤ የዚህኛው ሕመም መንገድ የጀመረው በእንቅልፍ ነበር። ማምጣትም ካስፈለገ «ወደ ሆስፒታል እየሄድን ነው» ተብሎ ይነገረዋል። ጸበሉን መቀጠል ይችላሉ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥም። አልውጥም ካለም ሻይ አይፈላም፤ ለክፍሉ ይደወላል። ወጣቱ ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ በወረቀት ላይ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ተጻፈለትም፤ አራቱም ፈረሙበት።