የአንቲባዮቲክ መቆጣጠሪያ ቅጽ አሞላል

ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ እንደሚገኘው እንደ የካቲት 12 ባለ ሆስፒታል የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም ሲመረመር፣ በዓለም ጤና ድርጅት ዘዴ መሠረት አንድ የሕክምና ክፍል በአንድ ቀን ተቆጥሮ ያልቃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተኝተው የነበሩ ሕሙማን ሁሉ፣ አንቲባዮቲክ የማይወስዱትም ጭምር ይመዘገባሉ፤ ያለ እነርሱ ከመቶ ስንቱ እንደሚወስድ ማስላት አይቻልምና።

በቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ መስመር ይሰጣል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ምሳሌ ትሁነን። ቆዳዋ ከመከፈቱ 20 ደቂቃ አስቀድሞ 2 ግራም ሴፋዞሊን ተሰጥቷታል፤ መከላከያው ከቀዶው በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ሊሰጥ ስለሚገባው ይህ ትክክል ነው። ከዚያ ግን የኢንፌክሽን ምልክት ሳይታይባት «ለጥንቃቄ» ተብሎ ሴፍትሪያክሶን ለሦስት ቀን ታዘዘላት። ይህ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ከማድረግ በቀር አይጠቅማትም። ቅጹ «ትክክል ነውን?» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ቢኖረው ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር፤ ስለዚህ የመድኃኒቱ ምርጫ፣ መጠኑ፣ የተሰጠበት ሰዓትና የቆመበት ጊዜ ለየብቻ ይጻፋሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የታዘዘበት ምክንያት በካርዱ ላይ ሳይሰፍር ሲቀር ነው። መርማሪው በግምት ሊሞላው ይፈተናል፤ በእኔ አስተያየት «አልተጻፈም» ብሎ ማለፍ ይገባዋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ግኝት ነው። ውጤቱ ላዘዙት ሐኪሞች ይቀርባል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በዚያው ቅጽ ዳግመኛ ይቆጠራል።