ኢንጂነሩ መጀመሪያ ለማን ይደውላል?

የሥራ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ ሶፍትዌር ኢንጂነር ሲቪውን ለመላክ አይቸኩልም። መጀመሪያ እዚያ የሠራ ሰው አፈላልጎ ይደውላል። «ቤቱ እንዴት ነው? ደመወዝ በሰዓቱ ይገባል? አለቃው ምን ዓይነት ሰው ነው? አንተስ ለምን ለቀቅክ?» የአንድ አሠሪ ስም የሚሠራውም የሚፈርሰውም በዚህች የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው የሠራተኞች ልደት ኬክ ፎቶ እዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ትልቅ ድርጅት ክፉ ወሬን በደመወዝ ሊሸፍነው ይችላል። መካከለኛው ግን አቅሙ የለውም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ በዶላር የሚሠራ ጓደኛ ያለው ኢንጂነር የራሱን ደመወዝ ሲያሰላ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

ይሁንና ዶላር ጥሩ ሰበብም ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ኢንጂነሮች ያሉትን አንድ ድርጅት እናስብ። በዓመት ውስጥ ሰባቱ ለቀቁ። ሥራ አስኪያጁ «ሁሉም ዶላር ፍለጋ ሄዱ» ይላል። የሰው ሀብት ክፍል በመጨረሻዋ ቀን ቅጽ ሲያስሞላቸውም ሁሉም «ለተሻለ ዕድገት» ብለው ጽፈዋል። መልቀቂያውን በእጁ ያልያዘ ሰው እውነቱን አይጽፍማ! ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ከሦስት ወር በኋላ፣ አለቃው ያልነበረ ሰው ቡና ጋብዞ ሲጠይቀው ነው።

እንዲህ ሲጠየቁ ዶላር የወሰዳቸው ሁለቱን ብቻ ሆኖ ይገኛል እንበል። ሁለቱ የሄዱት ሌሊትና እሑድ ሲስተም ሲቆም ሁልጊዜ የሚደወለው ለእነሱ ስለነበረ ነው፤ ተራ የለም፣ የማካካሻ ዕረፍትም የለም። የቀሩት ሦስቱ በ38 ሺህ ብር እየሠሩ ሥራ ያስተማሩት አዲስ ልጅ በ55 ሺህ እንደተቀጠረ ሰምተው ነው የሄዱት።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ቤት ውስጥ ያለ በሽታ ነው። ለነባሩ በየዓመቱ ትንሽ ጭማሪ ይሰጣል፤ አዲሱ ግን በገበያው ዋጋ ይገባል። ደመወዝ ምስጢር ነው ቢባልም ኢንጂነሮች ይነጋገራሉ። ሥራ አስኪያጁ የአምስት ነባር ሠራተኞችን ደመወዝ ላስተካክል ቢል በወር 85 ሺህ ብር ይጨመርበታልና ይፈራል። ግን ነባሩ ሲለቅ ምትኩ የሚመጣው በዚያው በ55 ሺህ ነው። 17 ሺውን መክፈሉ አልቀረለትም፤ የከፈለው ግን ኮዱን ለማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት በዚያው ደረጃ ያሉትን ነባሮች ደመወዝ ማየትና ማስተካከል ይቀድማል።

ከዚያ ማስታወቂያው ይጻፋል። «ደመወዝ በስምምነት» እና «ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል» የሚሉትን ሐረጎች ኢንጂነሮች እንዴት እንደሚያነቧቸው አስቀጣሪዎች ያወቁ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው «ትንሽ እንከፍላለን»፣ ሁለተኛው «ሌሊት እንደውላለን» ተብሎ ነው የሚነበበው። በምትኩ እንዲህ ቢባልስ፦ «ደመወዝ ከ50 እስከ 60 ሺህ ብር። ሥራው አምስት ዓመት ያስቆጠረ የክፍያ ሲስተም ላይ ነው። ኮዱ በብዛት ቴስት የለውም፤ ቴስት መጻፍ የሥራው አካል ነው። የሌሊት ተረኛነት በአራት ሳምንት አንዴ ይደርሳል፤ በማግስቱ ዕረፍት ነው።» አመልካቹ ይቀንሳል። የመጣው ግን አውቆ የመጣ ነው። ጉዱ የተደበቀበት ሰው በሙከራ ጊዜው ውስጥ ደርሶበት ይሄዳል፣ ከዚያም ስልኩን የሚያነሳው እሱ ይሆናል።

አሰነባበትም እንዲሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አሠሪው ደግሞ ሒሳቡን በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፍላል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ያለክፍያ ይሰጣል። በተግባር ግን ክሊራንስ እየተባለ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተተው ብዙ ነው። ሦስት ዓመት በፍቅር የሠራ ሰው ከዚያ ቤት የሚያስታውሰው ይህንኑ የመጨረሻ ወሩን ሊሆን ይችላል።

ለውጥ መምጣቱን ለማወቅ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ በዓመቱ ከተቀጠሩት ኢንጂነሮች ስንቶቹ በነባር ሠራተኛ ጠቋሚነት መጡ? ጎበዝ ሰው ጓደኛውን መጥፎ ቦታ አያስገባም፣ በኋላ የሚወቀሰው እሱ ነውና። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ብዙ ድርጅቶች ሰው ላመጣ የሚሰጡትን ጉርሻ ከፍ ያደርጋሉ፤ ዝም ያሉትን ሠራተኞች ለምን ዝም እንዳሉ የሚጠይቃቸው ግን የለም።