«ዛሬ ብቻ» ስንት ቀን ነው?

«ታላቅ ቅናሽ! ዛሬ ብቻ! እንዳያመልጥዎ!» ይህን የሞባይል ዕቃ ማስታወቂያ ሰኞ በቴሌግራም ያየ ሰው ዓርብ ተመልሶ ቢያየው አሁንም «ዛሬ ብቻ» ይላል። ደንበኛ አንዴ ይሸወዳል፤ ከዚያ በኋላ ሳያነብ ያልፈዋል። ደግሞ የሚያስቸኩል እውነተኛ ምክንያት ሱቁ ውስጥ ሞልቶ ሳለ!

የድሮውን የአይፎን ኬብል እንውሰድ። አፕል እስከ አይፎን 14 ድረስ ላይትኒንግ በሚባለው ሶኬት ቆይቶ፣ በመስከረም 2016 በወጣው አይፎን 15 ወደ ታይፕ ሲ ዞረ። የድሮው ኬብል ፈላጊ እያደር ይሳሳል፤ ባለሱቁም ከእጁ ሊያወጣው ይፈልጋል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መጻፍ ያለበትም ይኸው ነው። 40 ኬብል የቀረው ባለሱቅ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«የአይፎን ኬብል፣ ከአይፎን 5 እስከ 14 የሚሠራ። 40 ፍሬ ቀርቷል፤ ሲያልቅ ሌላ አናስመጣም። እስካለፈው ሳምንት በ500 ብር ስንሸጠው የነበረ፣ አሁን 350 ብር። ለአይፎን 15 እና ከዚያ በኋላ ለወጡት አይሆንም። በስልክዎ ሞክረው ይውሰዱ።»

ችኮላው ያለው «ሌላ አናስመጣም» የምትለው ላይ ነው። «አይሆንም» የምትለዋ ደግሞ ገዢ የምታባርር ትመስላለች፤ ግን ነገ ኬብሉን ይዞ «ገንዘቤን መልሱ» ሊል የሚመጣውን ሰው ዛሬ ታስቀራለች። 500 ብሩም በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ መሆን አለበት። ማታ 800 ብር ጽፎ ጠዋት መሰረዝ ቅናሽ አይባልም። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል።

ማስታወቂያው ቀን አለመጥቀሱም ሆን ተብሎ ነው። «እስከ ቅዳሜ» ያለ ሰው ሰኞ ዋጋውን ወደ 500 መመለስ ይኖርበታል፤ ያን የማያደርግ ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን ይበቃል።

ፓወር ባንክ ላይ ሲደረስ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «10,000 ሚሊአምፔር፣ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለቴ ይሞላል» ይባላል። ስሌቱ ያማልላል። ዳሩ ግን 10,000 የተለካው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ተቀይሮ ሲወጣ በተለምዶ 6,000 ገደማ ይቀራል። «አንዴ ሞልቶ የተወሰነ ይተርፈዋል» ማለት ይሻላል። መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ከሆነም ባትሪው ሳይሠራበት ጭምር ይደክማልና ዕድሜው ይጻፍ።

ማስታወቂያው ተለጥፎ የሚረሳ አይደለም። ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ማስተካከል ስለሚቻል፣ ማታ ማታ 40 የሚለው ወደ 31፣ ከዚያ ወደ 12 ይቀየር። የመጨረሻው ሲሸጥ ደግሞ ከላይ «አልቋል» ተብሎ ይጻፍ፤ ከቃሊቲ ድረስ በሁለት ታክሲ መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው እንዳይኖር።