አድራሻና የባንክ ሒሳብ አንድ ላይ ሲቀየሩ

ፒያሳ ለዓመታት የሠራ አንድ ማተሚያ ቤት አለ እንበል። ሕንፃው በኮሪደር ልማት ምክንያት ሊፈርስ ስለሆነ ገርጂ ቢሮ ተከራይቷል። ሥራ አስኪያጇ በአንድ ደብዳቤ ላይ ሦስት ነገር ያሰፍራሉ፦ አዲሱን አድራሻ፣ አዲሱን ስልክ፣ ለአዲሱ ቢሮ ቅርብ በሆነ ባንክ የተከፈተውን ሒሳብ ቁጥር። ማኅተም ይደረግበትና በኢሜይልና በቴሌግራም ለደንበኞችና ለአቅራቢዎች ይላካል።

ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አጭበርባሪ ቢጽፈውም ከዚህ የተለየ አይጽፍም። ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ ተቀይሯል። የተጠራጠረ ደንበኛ የሚደውልበት ስልክም ተቀይሯል። በአካል ሄዶ ልጠይቅ ቢል የሚያውቀው ቢሮ የለም።

የዚህ ማጭበርበር ትልቁ ማሳያ በሊትዌንያዊው ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የተፈጸመው ነው። ይህ ሰው የጉግልና የፌስቡክ ዕቃ አቅራቢ በሆነው ኳንታ በተባለው የታይዋን ኩባንያ ስም ላትቪያ ውስጥ ድርጅት አስመዘገበ፤ በዚያው ስም የባንክ ሒሳብ ከፈተ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ሐሰተኛ ደረሰኞችና ውሎች እየተላኩ ሁለቱ ኩባንያዎች በድምሩ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዮርክ ላይ የ5 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልብ በሉ፦ ሒሳቡ የተከፈተው በትክክለኛው ስም ነበር። በባንክ መተግበሪያ ላይ የተቀባዩን ስም አይቶ መላክ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው የሚያምነው ማኅተምን ነው። ይሁንና ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ በስካነር የተነሣ ማኅተምና ፊርማ በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ጽሑፍ ሥር ይገባል። ሌባው የአንዱን ወገን ኢሜይል ሰብሮ ከገባ ደግሞ የትኛው ደረሰኝ መቼ እንደሚከፈል ያነብባል፣ ትልቁ ክፍያ ሲቃረብ ይጽፋል። አድራሻውን ቢያስመስልም በቀላሉ አይያዝም፤ m የሚለውን ፊደል በ rn ቢተካው የተቻኮለ ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

ታዲያ ማተሚያ ቤቱ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሒሳቡ በእርግጥ መቀየር እንዳለበት ይመርምር። ቢሮ ስለተዛወረ ብቻ ሒሳብ መቀየር አያስፈልግም፤ ያው ባንክ ገርጂም ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው አድራሻውንና የሚዛወሩበትን ቀን ብቻ ይናገር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም ስልኩም ያው መሆኑን ይግለጽ፣ በጉልህም እንዲህ ይበል፦ «የባንክ ሒሳባችን አልተቀየረም። በእኛ ስም አዲስ ሒሳብ ቁጥር ከደረሳችሁ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ዘወትር በምታውቁት ስልካችን ደውሉልን።» ይህቺ አንቀጽ በዝውውሩ ግርግር መሃል ሊገባ ያሰበን ሌባ አስቀድማ ታጋልጣለች።

ሒሳቡ የግድ የሚቀየር ከሆነ ግን ሁለቱን ለውጦች በጊዜ አለያዩአቸው። አሮጌው ስልክ ቢያንስ ሁሉም ደንበኛ እስኪያረጋግጥ ድረስ ይሥራ። የሒሳቡን ለውጥ የሚናገረው ደብዳቤ ከዝውውሩ በኋላ በሰው እጅ ይሂድ፤ ተቀባዩ በመላኪያ መዝገብ ላይ ይፈርም። በእጅ ላይ ያሉት ደረሰኞች ወደ የትኛው ሒሳብ እንደሚከፈሉ በቁጥራቸው ተለይቶ ይጻፍ፤ ጭቅጭቅ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ላይ ነው። አሮጌው ሒሳብም የዘገየ ክፍያ እስኪጠናቀቅ አይዘጋ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳችሁ ደግሞ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ አትደውሉ። ከአሮጌ ውል ወይም ከቀድሞ ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን አውጡና ድምፁን የምታውቁትን ሰው አነጋግሩ፤ ሒሳብ ቁጥሩን እናንተ ከማንበብ እሱ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ማን፣ መቼ እንዳረጋገጠላችሁ ደብዳቤው ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ። የመጀመሪያው ክፍያ ትንሽ ይሁን፤ ዋናው የሚላከው መድረሱን ከዚያው ሰው በስልክ ስትሰሙ ነው። «ዛሬውኑ ካልተከፈለ ዕቃው አይጫንም» የሚል ጥድፊያ ከመጣባችሁ ክፍያውን አቁሙ። ዕቃ ከቻይና ወይም ከዱባይ የምታስመጡም በኢሜይል የመጣን የሒሳብ ለውጥ በቪዲዮ ጥሪ ሳታረጋግጡ ወደ ባንክ አትውሰዱት።

ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ከነቃችሁ ለላካችሁበት ባንክ ወዲያው ደውሉ፤ የተቀባዩ ባንክ ሒሳቡን እንዲያግድ ይጠይቅላችሁ። የስልኩን ጥሪ በጽሑፍ አረጋግጡና ለፖሊስ አመልክቱ። ገንዘቡ ከዚያ ሒሳብ ከወጣ በኋላ የማስመለሱ ዕድል በጣም ጠባብ ነውና ኃላፊ እስኪገባ ብላችሁ አትጠብቁ።