«ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ?» ለሚል ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ መልስ

በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ትዳር፣ እርግዝና ወይም ሃይማኖት የሚነሳ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ ስጋት አለው፦ «ሥራውን ጥላብን ትሄድ ይሆን?» የሚል። ስለዚህ መልሱ ለጥያቄው ሳይሆን ለስጋቱ ቢሆን ይሻላል።

ለሒሳብ ሠራተኝነት የቀረበች አመልካች «በቅርቡ ታገቢያለሽ?» ተባለች እንበል። «ጥያቄው ምናልባት የወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ አምሽቶ መሥራትን የሚመለከት ከሆነ፣ ለዚያ ዝግጁ ነኝ፤ በቀድሞው መሥሪያ ቤቴም ሒሳቡን በጊዜው እዘጋ ነበር» ብትል ስለ ግል ሕይወቷ ምንም ሳትናገር ጠያቂው የፈለገውን ታገኝለታለች። ጥያቄው ከተደገመ «ይህ ከሥራው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቢነግሩኝ?» ማለት ይቻላል። ድምፁ ረጋ ያለ ይሁን፤ ቁጣ ርዕሱን ወደ ጠባይ ያዞረዋል።

ሃይማኖት ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ቅዳሜ የማይሠራ ሰው እምነቱን ማብራራት አይጠበቅበትም፤ የሥራ ሰዓቱን ግን ውል ከመፈረሙ በፊት መነጋገር አለበት።

መዋሸት አይመከርም፤ ዝምታ ግን ውሸት አይደለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጋብቻ ሁኔታን፣ እርግዝናንና ሃይማኖትን ለስንብት በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። ቅጥር ላይ ግን አድልዎን ማስረዳት ከባድ ነው፤ አሠሪው «የተሻለ ተወዳዳሪ አገኘሁ» ይላልና። ጥያቄውን፣ ቀኑንና የጠያቂዎቹን ስም ወዲያው ጽፎ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።